ኦላንዛፒን ከተጀመረ በኋላ ያሉት 12 ሳምንታት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በደሴና በኮምቦልቻ በአእምሮ ሕክምና ሥራ ለተሰማራችሁ ሁሉ አጥብቄ የምመክረው፣ ታካሚውን ሳትመዝኑ ኦላንዛፒን እንዳታስጀምሩ ነው። የመነሻ ክብደቱ ካልተጻፈ፣ ከሦስት ወር በኋላ ምን ያህል እንደጨመረ ማወቅ አይቻልም። በዚያው ቀን የወገብ ዙሪያውን፣ የደም ግፊቱን፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳሩንና የደም ቅባቱን መዝግቡ፤ ከቤተሰቡ የስኳር ሕመምተኛ እንዳለም ጠይቁ። ክብደቱ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ይመዘናል። ግፊቱ፣ ስኳሩና ቅባቱ በ12ኛው ሳምንት ይደገማሉ፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታዩ አደርጋለሁ።

ሕክምናውን እንደገና እንድናጤን የሚያስገድደን ወሰን ከመነሻው ክብደት 5 በመቶ መጨመር ነው። ከኮምቦልቻ ይመጣ የነበረ አንድ ወጣት ሲጀምር 60 ኪሎ ስለነበር፣ ካርዱ ላይ በጉልህ 63 ብዬ ጻፍኩለት። በ4ኛው ሳምንት 62፣ በ8ኛው ደግሞ 64.5 ሆነ። ጋቢውንና ጫማውን አውልቆ፣ በዚያው ሚዛን ስለተመዘነ ጭማሪው እውነተኛ ነበር። እናቱ ግን «ልጄ ወዛልኝ» ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ በእኛ አገር መወፈር የመዳን ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ቤተሰብ በዚህ ጉዳይ ስሞታ ያሰማል ብላችሁ አትጠብቁ።

ወሰኑን ስላለፈ 12ኛውን ሳምንት ሳልጠብቅ ስኳሩን አስለካሁ፤ 131 መጣ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው፤ ነገር ግን መናኸሪያ ስኳር ያለበት ቡና ጠጥቶ እንደመጣ ሲነግረኝ፣ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ እንዲመለስ አደረግሁ። ሁለተኛው ውጤት 108 ሆነ። ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር በሽታ ደረጃ ነው።

የሚሰማው ድምፅ ጸጥ ካለ ገና ጥቂት ሳምንታት ስለነበሩ፣ መድኃኒቱን ወዲያው መለወጥ አልመረጥሁም። የኩላሊቱን ሁኔታ አይቼ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር አስጀመርሁት፤ ሆዱ ሲለምደው ጠዋትና ማታ አደረግሁለት። ለስላሳ መጠጡንም ተወ። በ12ኛው ሳምንት 64 ኪሎ፣ ስኳሩም 97 ነበር።

ጭማሪው ባይገታ ኖሮ ወደ አሪፒፕራዞል፣ ካልተገኘም ወደ ሪስፐሪዶን ማዞር ይገባ ነበር። ሃሎፔሪዶል ክብደት ብዙም አይጨምርም፤ ነገር ግን የጡንቻ መገታተርና መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ለክብደት ብቻ ተብሎ በችኮላ አይመረጥም። የትኛውንም ብትመርጡ አዲሱን እየጨመራችሁ ኦላንዛፒኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሱት እንጂ በአንድ ቀን አታቋርጡት፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ውኃ ጥም የበዛበት፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ በድንገት የሚከሳ ወይም የሚያስመልሰው ታካሚ ካጋጠማችሁ ግን መርሐ ግብሩን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ስኳሩን ለኩ።