የስልኩ ባለቤት እና ተመልካቹ

«የ8ኛ ክፍል ሒሳብ በአማርኛ በዩቲዩብ በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ በግማሽ ደሞዝ የ3 ወር ሙከራ ላይ ነኝ። የ28 ቀኑ ሪፖርት 54 በመቶው እይታ ከ35 እስከ 44 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች፣ 18 በመቶው ደግሞ ከውጭ አገር እንደመጣ ያሳያል። አለቃዬ አነጋገሩ ለአዋቂ ይሁን፣ ግማሹም እንግሊዝኛ ይሁን፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንልቀቅ ብሏል። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ግን ቁጥሩ የሚደግፈው እሱን ነው። አባቴ ደግሞ ‹ይህን ጨዋታ ትተሽ ባንክ ተቀጠሪ› ይለኛል። የሪፖርቱን ምስሎች ልኬልዎታለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ቁጥሩ አለቃሽን አይደግፍም። መቶኛው የሚቆጥረው ሰው ሳይሆን እይታ ነው፤ ዕድሜና ጾታ የሚታወቀውም በአካውንታቸው ገብተው ከሚያዩት ብቻ ነው። ከላክሽልኝ 10,000 እይታ ውስጥ 6,000ው «ልጅዎን እንዴት ያስጠኑ» ከሚለው አንድ ቪዲዮ የመጣ ነው። Advanced mode ውስጥ ገብተሽ ያንን ቪዲዮ ለብቻው ስታዪው የእነዚያ ሴቶች ድርሻ 70 በመቶ ነው፤ ይህም 4,200 እይታ ይሆናል። በቀሩት ትምህርቶች ግን ከ4,000 እይታ 1,200ው ብቻ የእነሱ ነው፣ 30 በመቶ። ሁለቱ ሲደመሩ 5,400 ይሆናሉ፤ አለቃሽን ያስደነገጠው 54 በመቶ ከዚህ የመጣ ነው። ለወላጅ የተሠራ ቪዲዮ ወላጅ ማምጣቱ ደግሞ ምንም አይገርምም።

ያ 30 በመቶም ቢሆን የእናቶች ነው ብለሽ አትቀበዪው። ሪፖርቱ የሚያውቀው አካውንቱ ሲከፈት የተሞላውን የልደት ዘመን ነው፤ ስልኩን በእጁ የያዘውን ልጅ አያውቅም። ከላክሽልኝ አስተያየቶች አንዱን ደጋግሜ አየሁት። ፎቶው ላይ ያለችው የሙሽራ ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ የተጻፈው ግን «ቲቸር ነገ ፈተና አለን፣ ጥያቄ 7ን ድገሙልን» የሚል ነው። ይህን የጻፈችው ሙሽራዋ አይደለችም። ሰዓቱም ይመሰክራል፤ When your viewers are on YouTube የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚደምቀው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ልጆች ከትምህርት ተመልሰው የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሰዓት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ሬዲዮ ላይ በሠራሁበት ጊዜ አንድ የአድማጭ ጥናት ተሠራና አድማጮቻችን ጎልማሳ ወንዶች ናቸው ተባልን። ጠያቂዎቹ የጠየቁት የቤቱን አባወራ ብቻ እንደነበር ያወቅነው፣ ፕሮግራሙን በሙሉ ካገረጀፍነውና የወጣቶቹ ስልክ መደወል ካቆመ በኋላ ነው። የሄዱት ልጆች አልተመለሱም።

ስለዚህ አነጋገሩን በአለቃሽ ግምትም ሆነ በእኔ ትዝታ አትወስኚ፣ ሞክሪው። በክብደት የሚቀራረቡ አራት ትምህርቶች ምረጪና ሁለት ሁለት አድርገሽ አጣምሪያቸው፤ ከየጥንዱ አንዱ አሁን ባለው ለልጅ በሚነገር አነጋገር፣ ሌላው ደግሞ አለቃሽ በሚፈልገው በአንቱታ ይቀረጽ። ሁሉም በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ይውጡ፤ እያንዳንዱ 7 ቀን ሲሞላው 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንት በመቶ ተመልካች እንደቀረ እዪ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ከሆነ በዚህ የእይታ መጠን ምንም አይነግርሽም፤ ሁለቱም ጥንዶች በአንድ አቅጣጫ ሰፋ ብለው ከተለያዩ ግን ማስረጃ አገኘሽ። የወላጆቹን ቪዲዮ አትጣዪው፤ በራሱ ፕሌይሊስት ለይተሽ እዚያ «እርስዎ» በዪ።

ቋንቋውን አትንኪ። አገር የሚለው ሪፖርት ስልኩ የት እንዳለ እንጂ ባለቤቱ በምን ቋንቋ እንደሚማር አይናገርም፤ ከውጭ የሚያዩትም የመጡት አማርኛውን ፈልገው ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሪና በሚቀጥለው ወር ስንቱ እንደከፈተው ሪፖርቱ ላይ ተመልከቺ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሰንጠረዡ ከመድመቁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ 9 ሰዓት ላይ እንዲወጣ አዘጋጂው። ዩቲዩብ ራሱ የሚለቀቅበት ሰዓት የቪዲዮን የረጅም ጊዜ ውጤት እንደሚለውጥ አይታወቅም ስለሚል፣ በዚህ ከአለቃሽ ጋር አትጣዪ።

አባትሽ ተሳስተዋል፤ ቁጥር አንብቦ ማን እያየ እንደሆነ መለየት ጨዋታ ሳይሆን ሙያ ነው፣ ባንክም ቢሆን ይህን የሚችል ሰው ይፈልጋል። በግማሽ ደሞዝ ግን ከ3 ወር በላይ አንድ ቀን አትሥሪ። ደሞዝ ለመነጋገር ስትገቢ ያንን የ70 እና የ30 በመቶ ስሌት እና የአራቱን ትምህርቶች ውጤት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ።