ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ምን ልጻፍላት?

«ደሴ ፒያሳ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ወድጃታለሁ፤ ሳልቸኩልባትም ሳልቀዘቅዝባትም ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ዛሬውኑ፣ ብዙ ሳይመሽ፣ አንድ መልእክት ብቻ ላክላት፦ «በሰላም ገባሽ? ስለ እናትሽ ሱቅ ያጫወትሽኝን ወድጄዋለሁ። የቅዳሜው ፈተናሽ እንዴት እንደነበር ትነግሪኛለሽ?» ፍላጎትህን የሚገልጸው የመሃለኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በጥሞና እንዳዳመጥካት ያሳያልና። የመጨረሻው ደግሞ ሳትጫናት ለቀጣዩ ጨዋታ በር ይከፍታል።

ቁጥብነት በሚከበርበት ቤት ላደገች ልጅ ከአንድ ቡና በኋላ የሚመጣ «ናፍቀሽኛል» ምን ብላ እንደምትመልስ ያስጨንቃታል፤ ስልኳ ላይ ብቅ ሲል አጠገቧ ያለችው እህቷም ልታየው ትችላለች። ያደገችው ስሜትን በግልጽ መናገር በተለመደበት አገር ከሆነ ግን ከላይ የጻፍኩልህ መልእክት ጨዋነት ብቻ ሊመስላት ስለሚችል፣ «እንደገና ባገኝሽ ደስ ይለኛል» የሚል ጨምርበት።

ከልምድ የማስጠነቅቅህ፣ የመልሱን መዘግየት እንደ እምቢታ እንዳትቆጥረው ነው። ይልቅ እሷም መልሳ ትጠይቅህ እንደሆነ አስተውል። «እሺ፣ አንተስ ፈተና አለህ?» ካለችህ ቀጥል፤ ሁለት ጊዜ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ከዘጋችው ግን በጨዋ ደንብ እምቢ ማለቷ ሊሆን ስለሚችል፣ ሦስተኛውን አትላክ።