ለመጀመሪያው ስቶሬጅ ስንት ቤይ?

«ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን የሰርግ ቪዲዮና ፎቶ ቤት አለኝ። ሥራዬ ሁሉ ትንንሽ ኤክስተርናል ዲስኮች ላይ ተበታትኖ 4 ቴራባይት ደርሷል። በዓመት 1 ቴራባይት ያህል ይጨምራል። ኔትወርክ ስቶሬጅ ልገዛ ነው። ባለ 2 ቤይ ይበቃኛል ወይስ ባለ 4? ዲስኮቼ እንዲገቡበት ቤዩ 2.5 ኢንች የሆነውን ልውሰድ?»

ወንድሜ፣ ባለ 4 ቤይ፣ ማለትም አራት የዲስክ ማስገቢያ ያለውን ሳጥን ግዛ። ቤዮቹም የ3.5 ኢንች ይሁኑ። ዲስክ ግን ለጊዜው ሁለት ይበቃሃል።

በራስህ ቁጥር እናስላው። ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ አስገብተህ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሁን። አንዱ ቢበላሽ ሥራህ ሌላው ላይ አለ። የምትጠቀመው ግን የአንዱን ቦታ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ስምንቱን 7.3 ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ። አምራቹ በ1000፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። እኔ 80 በመቶ ሲሞላ ቦታ አስጨምራለሁ፤ ያ 5.8 አካባቢ ነው። ከ4 ተነስተህ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትደርስበታለህ።

ልዩነቱ ያን ቀን ይወጣል። ባለ 2 ቤይ ከሆነ ደህና የሚሠሩትን ሁለት ዲስኮች አውጥተህ ሁለት ትልልቅ ትገዛለህ። ባለ 4 ከሆነ አንድ ባለ 8 ጨምረህ ወደ ሬይድ 5 ትቀይረዋለህ፤ ይህ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ይዞ፣ ከሦስቱ አንዱ ቢበላሽ ሥራህን የሚያተርፍ አሠራር ነው። የሚታይህ ቦታ 14.5 ይሆናል። በዚህ አካሄድህ ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ዓመት ያስኬድሃል፤ አራተኛው ቤይም ገና ባዶ ነው። ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ ሳጥኑ ፋይል ሳያጠፋ ከግልባጭ ወደ ሬይድ 5 ይቀየራል ወይ? ሁሉም አይችሉም። ቅየራው ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ስለሚችል መብራት ቢጠፋ የሚይዝህ ዩፒኤስ ይኑርህ።

የ2.5 ኢንቹን ሐሳብ ተው። አንድ ደንበኛዬ እንዳንተ አስቦ ሳጥኑን ገዛ። ኤክስተርናሉን ስንከፍተው የዩኤስቢ መሰኪያው ዲስኩ ቦርድ ላይ የተበየደ ሆኖ አገኘነው። ቤይ ውስጥ የሚሰካበት የሳታ አፍ የለውም። ብዙዎቹ ትንንሽ ኤክስተርናሎች እንዲህ ናቸው። የዚህ መጠን ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከ6 ቴራባይት አያልፍም፤ ባለ 5ቱና ባለ 6ቱም ወፍራም ስለሆኑ ብዙ ቤይ አይቀበላቸውም። የ3.5 ቤይ ግን ትንሹንም በመያዣ ይቀበላል።

አዲሶቹን ስትገዛ ለኔትወርክ ስቶሬጅ የተሠሩ፣ ሲኤምአር የሚባሉ መሆናቸውን ጠይቅ። መረጃውን በተደራረቡ መስመሮች የሚጽፉት ኤስኤምአር ከሆኑ አንዱ ተበላሽቶ ሲተካ መልሶ መገንባቱ እጅግ ይጎተታል። በድሬ ሙቀት ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጋበት። የዲስኩ ሙቀት 50 ዲግሪ ሲያልፍ ቦታውን ቀይር።

አሮጌዎቹን ኤክስተርናሎች አትሽጣቸው። ግልባጩ በስህተት ያጠፋኸውን ፋይል አይመልስልህም፤ እዚያም አብሮ ይጠፋል። በሳጥኑ ዩኤስቢ እየሰካህ የሰርጎቹን ቅጂ ገልብጥባቸውና ቤትህ አስቀምጣቸው።