ቻቱ ስልኬ ላይ አለ፣ ላፕቶፔ ላይ የለም

«ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ቴሌግራም ከደንበኞች ጋር አወራለሁ። ሱቅ ደርሼ ላፕቶፑን ስከፍት የድሮዎቹ ቻቶች አሉ፣ የዛሬዎቹ የሉም። አንዳንዶቹ ቆይተው ይመጣሉ። አንዱ ግን ይኸው ሳምንቱ፣ አልመጣም። ላፕቶፑ ፎርማት ይደረግ?»

ፎርማቱን ይተዉትና መጀመሪያ ስልኩን ይዩ። ስልክዎና ላፕቶፕዎ በቀጥታ አይገናኙም። መልእክቱ ከስልኩ ወደ ቴሌግራም ሰርቨር ይሄዳል፣ ላፕቶፑም የሚወስደው ከዚያ ነው። ስለዚህ የትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ መለየት አለብን።

ከመልእክቱ ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት ካለ ገና ከስልኩ አልወጣም። አንድ ራይት ከሆነ ሰርቨር ደርሷል። ሁለት ራይት ማለት ደግሞ ተነቧል ማለት ነው። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ እንደርስዎ ላፕቶፗን ተሸክማ መጣች። ስልኳን ተቀብዬ ሳየው ሦስት መልእክቶች ከነሰዓታቸው ተደርድረዋል። ለካ ፓኬጇ መንገድ ላይ አልቋል። ከእኔ ዋይፋይ ጋር ሳገናኘው ሰዓቶቹ ራይት ሆኑ፣ ላፕቶፑም ወዲያው ጮኸ። ምን ብዬ ላስከፍላት?

ስልኩ ላይ ራይት ካለ ግን ጥፋቱ ወደ ላፕቶፑ ይዞራል። ብሮውዘር ላይ web.telegram.org ከፍተው በዚያው ቁጥር ይግቡ። ቻቱ እዚያ ከታየ ሰርቨሩ ጋር አለ፣ የዘገየው ላፕቶፑ ላይ የጫኑት አፕ ነው። አፑ ላይ Connecting... የሚል ጽሑፍ ካልጠፋ ኔት አላገኘም ማለት ነው። ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ለትንሽ ጊዜ ቢታይ ችግር የለውም። ከቆየ ግን Settings፣ ከዚያ Advanced፣ ከዚያ Connection type ገብተው የድሮ ፕሮክሲ እንዳለ ይዩ። ቴሌግራም በተዘጋ ጊዜ ፕሮክሲ አስገብተን የረሳነው ብዙ ነን። ያ ፕሮክሲ ሲሞት አፑ እሱን ሲጠብቅ ይውላል። Disable proxy የሚለውን ይምረጡ።

ሳምንት የሞላውን ቻት በተመለከተ፣ ስልክዎ ላይ ከሰውየው ስም ጎን የተቆለፈ ቁልፍ ምልክት አለ? ካለ Secret Chat ነው። እሱ አልዘገየም፣ ጭራሽ አይመጣም። የሚፈታው በተጀመረበት ስልክና በሰውየው ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ለሌላ መሣሪያ የሚሰጠው ኮፒ የለውም። የዊንዶውስ ቴሌግራምም Secret Chat የሚባል ነገር አያውቅም። ከዚያው ሰው ጋር ተራ ቻት ይክፈቱና ትእዛዙን እዚያ እንዲልክልዎት ይጠይቁት። የድሮውን እንዳያጠፉት ታዲያ፣ ስልኩ ላይ ከጠፋ ከየትም አይመለስም።