አቅራቢው በግ ልኮ ነበር፦ ስጦታን በድርጅት ደንብ አሳብቦ ሳይሆን ደንቡን ተደግፎ ስለመመለስ ጥያቄና መልስ

የሆቴል ግዥ ሠራተኛ፦ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ግዥ ክፍል ነኝ። ዓሣ የሚያቀርብልን ሰው ዛሬ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባጃጅ በግ ጭኖ ቤቴ ላከ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ተቀብላ አስራዋለች። ደንባችን ከአቅራቢ ምንም አትቀበሉ ይላል። ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ መልሰው። ካደረ በኋላ ነገ በዓሉ ነው፤ የበዓል ዕለት በግ መመለስ ከስድብ ይቆጠራል። በጉ ከግቢህ ሳይወጣ ግን መጀመሪያ ራስህ ደውልለት። ሳይነገረው ባጃጁ ጎረቤት እያየ ደጁ ላይ ቢቆም፣ ምንም ጥሩ ቃል ብትጨምርበት አይሰማህም። የባጃጁንም ሒሳብ አንተው ክፈል።

ስልኩ ላይ ይህን ያህል ይበቃል፦ «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎት። በጉ ቤት ደርሷል፤ ስላሰቡን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድርጅታችን ደንብ ግን ከአቅራቢ ስጦታ መቀበል ይከለክላል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ለሁሉም አቅራቢ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ይዤው እመጣለሁ። ሥራችን እንደነበረ ነው።»

«ፈርሜበታለሁ» የምትለውን አትዝለላት። ብዙ ሰው «አለቆቼ ይቆጡኛል» ይላል። ያኔ ሰውየው የሚሰማው «እንዳያዩህ ላክልኝ» የሚል ነው፤ በሚቀጥለው በዓል በጉ ሲመሽ ይመጣል። «ለዛሬ ይቅር» ማለትም ያው ነው፤ ለፋሲካ ቀጠሮ ይዘህለታል።

«ላንተ መች ሆነ፣ ለልጆቹ ነው» ይልሃል። «ልጆቹም የእኔው ናቸው፣ ደንቡ ቤተሰብንም ይይዛል» በለው (ደንቡ ይህን ማለቱን ግን አስቀድመህ አንብብ)። ቀጥሎ «እሺ፣ የገዛሁበትን ግማሽ ስጠኝና ይቅር» ሊልህ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ጨዋ ሰው ይሸነፋል፤ ከፍያለሁ ብሎ ያስባላ። የቀረው ግማሽ ግን ስጦታ ነው።

መልሰህ እንደመጣህ ለሰውየው አጭር የምስጋና መልእክት በስልክ ላክ፤ ለቅርብ አለቃህም ቀኑን፣ ማን እንደላከ፣ ምን እንደሆነና እንዴት እንደተመለሰ ጽፈህ አሳውቅ። የስጦታ መዝገብ ካላችሁ እዚያው ይግባ። በጉን ግቢህ ውስጥ ያየ ሰው ይኖራል። በዕለቱ የተጻፈ ወረቀት ያድንሃል፤ ወሬው ከተነሳ በኋላ የተጻፈው ግን ማስተባበያ ነው የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ በግ ነው እንዴ እንዳትል። ከበዓሉ ማግስት ቆሮሶ ዓሣው ስንጥቡ ቀይነቱን አጥቶ፣ ግራጫ ሆኖ ቢመጣ፣ ወይም ሚዛኑ ቢጎድል፣ «አልረከብም» የምትለው አንተ ነህ። በጉን የበላ ሰው ያን ጠዋት ሚዛኑን ሁለቴ አያይም።

አንድ ተሳታፊ፦ ለምን ታካብዳላችሁ? ከ500 ብር በታች ከሆነ ችግር የለውም። ደግሞ የሙስና ሕግ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። የአቅራቢው ስም የታተመበት ካላንደር፣ እስክሪብቶ፣ አጀንዳ የሚፈቅዱ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። መጠኑን የሚወስነው ግን የየድርጅቱ ደንብ ነው፤ የአንተ ድርጅት 500 ሲል የጠያቂው ድርጅት «ምንም አትቀበሉ» ብሏል። ገደብ ባለበትም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ፣ የሞባይል ካርድ ወይም በቴሌብር የተላከ ብር በትንሽነቱ አይታለፍም። ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ወይም ጨረታ ክፍት ሆኖ ሳለ ደግሞ እኔ ካላንደሩንም አልቀበል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በመንግሥት ሠራተኛ ላይ አይቆምም። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የግል ዘርፍ ድርጅትንም «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ ያስገባል። የአንድ ባለቤት ሆቴል ከዚህ ይገባል አይገባም የሚለውን ለሕግ ባለሙያ እተወዋለሁ። «እኔ የግል ነኝ» ብሎ መተኛት ግን አያዋጣም።

አትክልት አቅራቢ፦ እኔ በወዲያኛው በኩል ነኝ። ከአንድ ደንበኛዬ «ስጦታ እንዳታመጣ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሌባ ያሉኝ ነው የመሰለኝ።

መልስ፦ ለአንተ ብቻ ከተጻፈ ቅሬታህ ይገባኛል። ደብዳቤው ለሁሉም አቅራቢ በአንድ ቀን፣ በድርጅቱ ማኅተም፣ ነሐሴ ሳያልቅ መውጣት አለበት። በጉ ከተገዛ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ሰው ያስቀይማል። እኛ የምንልከው ይህን ይመስላል፦

«ለውድ አቅራቢያችን፦ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎት። ዓመቱን ሙሉ ስላገለገሉን እናመሰግናለን። በድርጅታችን ደንብ መሠረት ሠራተኞቻችንም ሆኑ ቤተሰቦቻቸው ከአቅራቢ ስጦታ አይቀበሉም። መልካም ምኞትዎን በቃል ወይም በካርድ ቢያደርሱን ደስ ይለናል። ስጦታ የጠየቀዎ ሠራተኛ ካለ ለሥራ አስኪያጁ ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በል፤ አንተን የምትጠብቅ ናት። አንድ ነገር ግን ለግዥ ባልደረቦቼም ልናገር፦ አቅራቢው በግ የሚልከው ብዙ ጊዜ ክፍያው ስለዘገየበት ነው። በጉን መልሶ ቼኩን ሌላ ወር ማቆየት አያምርም። አንተም ያልተከፈለህ ካለ በጉን ተወውና ደረሰኝህን ይዘህ ፋይናንስ ጠይቅ።

ሌላ ጠያቂ፦ መሥሪያ ቤቴ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ይሰጠናል። ይሄንንም ልመልስ ነው?

መልስ፦ የለም፣ እሱ ከአሠሪህ ነው። ውሰድና ተጠቀምበት። ጥያቄው ከሚሸጥልህ ሰው ስለሚመጣው ነው።

የካፌ ሥራ አስኪያጅ፦ እኔ ዘንድሮ በጀልባ ዘጌ ቡና ልናይ ሄደን ገበሬው ምሳ አቀረበልን። እንጀራ ገፍቼ ልነሣ ነበር?

መልስ፦ አትገፋም። ቤቱ ሄደህ የቀረበልህን መብላትና ቡና መጠጣት እንግድነት ነው፤ ተመልሰህ ለአለቃህ ትናገራለህ፣ በቃ። የጀልባውን ሒሳብ ግን ድርጅትህ ይክፈል እንጂ ቡና ሻጩ አይክፈል። ስትሰናበት የሚያስይዙህ የኪሎ ቡና ደግሞ ናሙና ከሆነ ስምና ቀን ተጽፎበት ግምጃ ቤት ይግባና ካፌው ውስጥ ይቀመስ። ቤትህ ከተቆላ ናሙና አይደለም።

የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ፦ እናቴ ባረፈች ጊዜ አቅራቢያችን በሰልስቱ መጥቶ ፖስታ አስጨበጠኝ። ለቅሶ ላይ እንዴት ይመለሳል?

መልስ፦ እንጀራና ወጥ ይዞ ቢመጣ ለቀስተኛ ሁሉ የሚበላው ስለሆነ አልነካውም። ፖስታው ግን ሌላ ነው። እዚያው ድንኳን ውስጥ አትመልሺውም፤ ሐዘኑ በረድ ሲል ቢሮ ጠርተሽ አመስግነሽ ትሰጪዋለሽ፣ ለአለቃሽም ትነግሪያለሽ።

የመጀመሪያው ተሳታፊ፦ በዚህስ አልስማማም። የለቅሶ ገንዘብ ብድር ነው፣ ነገ በእሱ ሐዘን ትመልሰዋለህ። ገንዘቡን ብትመልስለት ዝምድናውን ነው የመለስክበት።

መልስ፦ ልክ ልትሆን ትችላለህ። የእኛ ደንብ ስለ ለቅሶ አንድም ቃል የለውም፤ ባልደረቦቼም በዚህ ተከፍለዋል። እኔ መጠኑን አያለሁ፦ ጎረቤት የሚሰጠውን ያህል ከሆነ አሳውቄ እይዘዋለሁ፤ ከዚያ ብዙ የራቀ ከሆነ እመልሳለሁ። እህቴ፣ አንቺ ግን የእኔንም የእሱንም ይዘሽ አትወስኚ፤ የተሰጠሽን መጠን ለኃላፊሽ ነግረሽ፣ ያዢ ወይም መልሺ የሚለውን በጽሑፍ ተቀበዪ።