ትልቅ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ ስትልኩ ከዜሮ እንዳይጀምርባችሁ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ጅማዎች። ሄርማታ አካባቢ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ሥራዬን የምልከውም በስልክ ዳታ ነው። ስለ አፕሎድ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ።

3.2 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ለመላክ ሦስት ሌሊት ለፋሁ። መሃል ላይ ይቆምና ከዜሮ ይጀምራል። ምን ላድርግ?

ቆራርጠህ ላከው ወንድሜ። እኔ ጋ ማታ ሲሻለው በሰከንድ 100 ኪሎባይት ገደማ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት 3.2 ጊጋ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳይቆረጥ የቆየልኝ መስመር የለም፤ የመብራቱን ነገርማ ተወው። እንግዲህ መቆረጡ ካልቀረ፣ ሲቆረጥ የሚጠፋብህን ማሳነስ ነው።

50 ሜጋ ቁራጭ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ይወስዳል። መስመሩ በየሃያ ደቂቃው ቢቆረጥ እንኳ አብዛኛው ቁራጭ በመሃል ያልፋል። 500 ሜጋ ካደረግኸው ግን አንዱ ብቻ ሰዓት ተኩል ሊጠጋ ነው፣ ያ ደግሞ ያው የድሮ ችግርህ ነው። መጀመሪያ መስመርህ በየስንት ደቂቃው እንደሚቆረጥ አንድ ማታ ታዘብ፣ ቀጥሎ ከዚያ ጊዜ በደንብ በሚያንስ ደቂቃ የሚያልቅ ቁራጭ ምረጥ።

እኔ ስልክ ላይ ቴርሙክስ የሚባለውን ኮማንድ የሚጻፍበት አፕ፣ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ እጠቀማለሁ። rclone የሚባለውን ፕሮግራም ጭነህ፣ `rclone config` ብለህ አንዴ ከጎግል ድራይቭህ ጋር ታገናኘዋለህ (ስሙን drive በለው)። ከዚያ ይሄው ነው፦

```
mkdir parts
split -b 50M -d -a 3 serg.mp4 parts/p.
rclone copy parts drive:serg --transfers 1 -P
```

p.000፣ p.001 እያለ ስልሳ ምናምን ቁራጭ ያወጣልሃል። ስልኩ ላይ ሌላ 3.2 ጊጋ ባዶ ቦታ እንደሚፈልግ አትርሳ። ሲቋረጥብህ ያንኑ የመጨረሻ ትእዛዝ ድገመው። የደረሰውን በስም፣ በመጠንና በሰዓት አይቶ ይዘለዋል፤ የሚደግመው ያላለቀውን ቁራጭ ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ተነስቼ ቆሞ ካገኘሁት ወደ ላይ ቀስቱን ተጭኜ ኢንተር እላለሁ፣ ቡናዬን እጠጣለሁ።

`--transfers 1` የምትለዋን እንዳትዘላት። ካልጻፍካት አራት ቁራጭ በአንዴ ይጀምራል። በቀጭን መስመር አራቱም ግማሽ ግማሽ ላይ ሆነው ሲቆረጥ አራቱም ይበላሻሉ።

ደንበኛህ ዊንዶውስ ላይ ቁራጮቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጎ እዚያው በ`cmd` ይገጣጥማቸዋል፦

```
copy /b p.* serg.mp4
certutil -hashfile serg.mp4 SHA256
```

ሁለተኛዋ መስመር የፋይሉን አሻራ ታወጣለች። አንተ ጋ `sha256sum serg.mp4` ብለህ ከምታገኘው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

ይሄን ሁሉ ኮማንድ ምን አስፈለገው? በ7-Zip ብታሽገው መጠኑም ይቀንሳል፣ ይቆራረጣልም።

መቆራረጡ ልክ ነው። `Split to volumes` በሚለው ቦታ 50M ብለህ ብትሞላ ያው ነው፣ እንዲያውም ኮማንድ ለማይወድ ሰው ይቀላል። መጠኑ ግን አይቀንስም። MP4 ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነው፤ አንድ ሰዓት ላፕቶፕህን አንጫጭተህ የምታተርፈው እዚህ ግባ የማይባል ነው። `Store` የሚለውን ምረጥና ዝም ብሎ ይቁረጥልህ። መጠኑ እንዲቀንስ ከፈለግክ ቪዲዮውን ራሱን በዝቅተኛ ቢትሬት እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ነው።

እኔ በቴሌግራም ነው የምልከው። 70 ፐርሰንት ደርሶ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ስመለስ ከዜሮ ጀምሮ አገኘዋለሁ። ኔትወርኩ ነው?

እህቴ፣ ኪስሽ ውስጥ የገደለው ስልክሽ ራሱ ይመስለኛል። ስክሪኑ ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይዘጋዋል። መስመሩ ለትንሽ ጊዜ ቢጠፋ አፑ ካልተዘጋ ሲመለስ ይቀጥላል፤ ሲዘጋ ግን እኔም ላይ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሯል። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብተሽ ለቴሌግራም ገደቡን አንሺለት። ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ስክሪኑን ሳታጠፊ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ላኪ። ያኔ ካለፈ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው። ደግሞ በነጻው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ አይበልጥም። ጥራቱ እንዳይወርድ በፋይል መልክ ላኪው፣ በጋለሪ በኩል አይሁን።

እኔም ፊልም ሳወርድ እንዲሁ ያደርገኛል፣ የቱን ልጫን?

ያንተ ማውረድ ነው፣ እኛ የምናወራው ስለ አፕሎድ ነው። ለማውረድ ደህና ዳውንሎድ ማናጀር ይበቃሃል፣ ያውም ሰርቨሩ ከመሃል መቀጠል ከፈቀደ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ቪዲዮ የሚቀበል ሳይት እየሠራሁ ነው። ትልቅ ፋይል ሲሆን ይወድቃል፣ የፒኤችፒ ሊሚቱን ከፍ ባደርገው ይፈታል?

በዋይፋይ ስትሞክረው የሠራ ይመስልሃል፣ በዳታ ግን ያው ይወድቃል። ተራ ፎርም ፋይሉን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚልከው፤ መሃል ላይ ሲቆረጥ ሰርቨሩ የደረሰውን ይጥለዋል። ለመቀጠል ሁለቱም ወገን የት እንደደረሱ መነጋገር አለባቸው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ tus የሚባል ፕሮቶኮል አለ፣ ቪሜኦም ይጠቀምበታል። ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፦

```
HEAD /files/a81f

Upload-Offset: 41943040
```

40 ሜጋ ደርሶኛል ማለቱ ነው። ስልኩ ከዚያች ባይት ጀምሮ በ`PATCH` ይቀጥላል። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ዞሮ አይፒው ቢቀየርም ግድ የለውም። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ጋ ነው፦ የፋይሉ አድራሻ ተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ካልተቀመጠ፣ ገጹ ሲዘጋ ሰርቨሩ ቢያስታውስም የሚጠይቀው ሰው የለም። `tus-js-client` በ`localStorage` ያስቀምጥልሃል፤ በኢንኮግኒቶ ከከፈትክ ግን እንደገና ከዜሮ ነህ።

ልጄ፣ እኛ በፍላሽ አድርገን በአውቶቡስ ነው የምንልከው። ማታ ይደርሳል።

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 32 ጊጋ ፍላሽ በአንድ ቀን ሲገባ የእኔ ዳታ ሦስት ቀን ከግማሽ በላይ ይፈልጋል። ብቻ ኮፒ ሳያስቀሩ አይላኩት። እኔ አንዴ አንዱን በዚህ መንገድ አጥቼዋለሁ።

ስልኩን 3ጂ ላይ ብቆልፈው አይሻልም? 4ጂ ይመጣል ይሄዳል።

ወደ አንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ትንሽ ይቆማል፣ አንዳንዴም ግንኙነቱ ይበጠሳል፤ በዚያ በኩል ልክ ነህ። እኔ ቤት ግን 3ጂ ላይ ስቆልፈው ፍጥነቱ በጣም ወረደ። ጅሬን ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ያለ 3ጂ አይሆንም ይላል። ሁለቱንም አንድ አንድ ማታ ሞክርና ስንት ቁራጭ እንዳለፈልህ ቁጠር።

ያ የሰርጉ ሰውዬ ነኝ። በሁለት ሌሊት ሁሉም ገባ! ደንበኛዬ ገጣጥሞ ሲከፍተው ግን መሃል ላይ ይቆማል፣ አሻራውም አይገጥምም።

እንዳትደግመው! መጀመሪያ ይህን በል፦

```
rclone check parts drive:serg
```

0 differences ካለህ ያንተ ወገን ንጹሕ ነው፣ ጉድለቱ ያለው እሱ ጋ ነው። የምጠረጥረውን ልንገርህ። ፎልደሩን ከድራይቭ በአንዴ ሲያወርደው ድራይቭ ዚፕ እያደረገ ነው የሚሰጠው፣ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ከአንድ በላይ ዚፕ ያደርገዋል። አንዱን ብቻ ፈትቶ ይሆናል። ፎልደሩ ውስጥ ስንት ቁራጭ እንዳለው ያስቆጥር። ደግሞ ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ በትክክል 52,428,800 ባይት መሆን አለበት፤ ያነሰ ካለ ያቺን ብቻ እንደገና ያውርድ።