ልጄ ቤት ያደርኩበት ሌሊት፦ ጥያቄና መልስ

ብዙ ዘመን አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ የስድስት ሳምንት ሕፃን ያላት ልጄን ላግዝ ሄጄ አደርኩ። የቡድናችን አባላት፣ ስለዚያ ሌሊት የምትፈልጉትን ጠይቁኝ።

ሲስተር፣ እንደደረሱ መጀመሪያ ምን አደረጉ?

ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። በሩን የከፈተልኝ አማቼ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ወተት ደርቋል። ልጄ ምግቡ ፊቷ እንደቀረበ፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ሕፃኑ ይጮኻል።

እጄን ታጥቤ ልብሱን ሁሉ አወለቅኩለት። ሕፃን ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚታየው የሚያመው ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። ትኩሳቱን ለካሁ፣ 36.8። የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ገለጥኩ። የአራስ ፀጉር ይረግፋል። አንዲት ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥማ ደም ስታግድ አይቻለሁ፤ ጣቱ አብጦ ይቀላል፣ ልጁም ያለማቋረጥ ይጮኻል። ብሽሽቱን ዳሰስኩ፣ እብጠት የለም። ሆዱም ለስላሳ ነው። በቀን ከስድስት ዳይፐር በላይ ያረጥባል፣ ክብደቱም እየጨመረ ነው። ያኔ ልቤ ተረጋጋ።

አንገቱ ሥር ግን በላብ ርሷል። በሁለት ልብስ ላይ ጋቢ ተደርቦለት ነበር። ጋቢውን አነሳሁ።

ኧረ ብርድ ይመታዋል! እናቴ ያለ ጋቢ ሕፃን አታሳየንም ነበር።

*ሌላ አባል፦* እኛን ሐኪሙ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ብቻ ጨምሩለት ነው ያለን።

*የመጀመሪያዋ፦* ሐኪሙ ደብረ ብርሃን አላደረም።

ማጅራቱን ንኩ። ላብ ካለው በዝቶበታል፣ ከቀዘቀዘ ጨምሩለት። ደብረ ብርሃንም ቢሆን ለሚተኛ ሕፃን ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ልቅ ጨርቅ አይደረግም። በጀርባው ይተኛ።

ከዚያ ዝም አለ?

አላለም። እስከ 4 ሰዓት አለቀሰ። ይሄ የማታ ልቅሶ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፣ ስድስተኛው ላይ ይብሳል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዋል። እኔ የሄድኩት ልጄን ላስተኛት ነው።

3 ሰዓት ላይ አጠባችው። «እማ፣ አብሬሽ ልቀመጥ» አለች። እምቢ ብዬ መኝታ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። አማቼንም ሳሎን እንዲተኛ ነገርኩት። ሕፃኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እሹሩሩ እያልኩ ኮሪደሩን ተመላለስኩ። 7 ሰዓት ላይ ርቦት ነቃ፤ ወሰድኩላት። በጎኗ ተኝታ አጠባችው። ማስገሳቱና ዳይፐሩ የእኔ ሆነ። እሷ መብራት አላበራችም፣ ከአልጋም አልወረደችም።

ከወለደች ጀምሮ አራት ሰዓት ያለማቋረጥ ተኝታ አታውቅም ነበር። ንጋት ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ደንግጣ ተነሳች። ወተቷ ሸሚዟን አርሶታል። ፊቷ ግን ተመልሶላት ነበር። በማግስቱ ማታ ልጁ እንደገና አለቀሰ።

ጤና አዳም በውሃ ትንሽ ቢቀምስስ? አያቴ ስምንት ልጅ ያሳደገችው በሱ ነው።

አይቅመስ። ውሃም፣ ስኳርም፣ ቅቤም፣ አብሽም አይሰጠው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካልሆነ በቀር።

የአብሽ ውሃስ?

ከላይ መልሻለሁ።

እኔ ሽሮ ስተው ልጄ ዝም አለ።

*ሌላ አባል፦* የኔ ምንም ለውጥ አላመጣም። ተርቤ ቀረሁ።

የምታጠባ ሴት አትራብ።

የኔ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሌሊት ትነሳለች።

የሷ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጄ በጣም ያለቅሳል፣ ምን ላድርግ?

ስንት ቀኑ ነው? ይጠባል? ትኩሳቱን ለክተሻል? እንዲህ በደፈናው አትጠይቁኝ። ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ አልጠባም ካለ ወይም ከዛለ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የእኔን መልስ አትጠብቂ።

እኔ ሪያድ ነኝ፣ እናቴ አጠገቤ የለችም። ባሌ የሌሊት ፈረቃ ነው። ልቅሶው ሲበዛ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እህቴ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኚው። በሩን ዘግተሽ ውጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። ብቻውን ቢያለቅስ አይጎዳም። ቢናጥ ግን አንጎሉ ሊደማ ይችላል። እኔም ያን ሌሊት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አስተኝቼው ኩሽና ቆሜ ነበር።

አንድ ሰው ፈልጊ። ምግብ እንድትሠራልሽ ሳይሆን፣ አጥብተሽ ስትጨርሺ ሕፃኑን ይዛ ሁለት ሰዓት እንድትቆይልሽ ነው።

ላይኛው ፎቅ አንዲት ኤርትራዊት አለች። ሰላምታ ብቻ ነው ያለን። ነገ አንኳኳለሁ።

ዛሬ አንኳኪ።